ሳሩ ይቆይ፣ ጨርቁ ይውጣ

አንድ ክሊፕ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ነቀምቴ ውስጥ ባለ አነስተኛ የቪዲዮ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ የኢሬቻ ዘፈን ተከፍቷል። ዘፋኟ ነጭ የባህል ልብስ ለብሳለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ዘርፉ አየር ላይ ይወዛወዛል፤ ጸጉሯ ጎፈሬ ነው፤ በቀኝ እጇ እርጥብ ሳርና አደይ አበባ ይዛለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሯል። ቀረጻው ካለቀ ቆይቷል፤ ለኤዲተሩ የቀረው ጨርቁን አውጥቶ የዴዴሳን ሸለቆ፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያቋርጠውን ያንን ሰፊ አረንጓዴ ቆላ፣ ከኋላዋ ማስገባት ነው። ጨርቁን በአንድ ጠቅታ ሲያወጣው ሸለቆው ብቅ ይላል፤ ችግሩም አብሮት ይመጣል። በጎፈሬው ዙሪያ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ቀርቷል። ሳሩ ሳስቶ ሸለቆው በውስጡ ይታያል። የነጠላው እጥፋት ውስጥ አረንጓዴ ጥላ ተኝቷል። አደዩ ደግሞ ቢጫነቱን ጥሎ ወደ ብርቱካን ሄዷል። ኤዲተሩ የማውጫውን ጥንካሬ ሲጨምር መስመሩ ይጠፋል፤ ነገር ግን የጎፈሬው ጠርዝ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፣ የነጠላው ዘርፍ ይበላል፣ ሳሩም ከእጇ ላይ ጨርሶ ይጠፋል።

ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ነጆ በሚሠሩ የሠርግ፣ የመዝሙርና የዘፈን ክሊፖች ላይ ይህን የመሰለ ጠርዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባና በውጭ በሚሠሩትም ላይ እንዲሁ ነው። የተለመደው ማብራሪያ ጨርቁ በደንብ አልወጣም የሚል ነው፤ ስለዚህም መፍትሔው አጥብቆ ማውጣት ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ማብራሪያው የተሳሳተ መሆኑን ማሳየት ነው። ጠርዝ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ የሰውዬው ወይም የልብሱ አካል ከሆነ ፒክስል ጋር የተደባለቀ ነውና፣ አረንጓዴውን ለማጥፋት ፒክስሉን መጣል ማለት ጸጉሩን መጣል ማለት ነው። የትኛው ይታይ፣ የትኛው አይታይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚታየው ምን ቀለም ይኑረው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ ለመመለስ መሞከር የክሊፑን ጠርዝ ያበላሻል። የኢሬቻው ክሊፕ ይህን ለማሳየት የተመረጠው ከባድ ስለሆነ ነው፤ በአንዲት ሴት ላይ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቀለም፣ ደረቅና ስስ ጠርዝ ሁሉ ተሰብስበዋል።

ሶፍትዌሩ ጨርቁን ከሰው የሚለየው እንደ እኛ አይቶ ሳይሆን ቀንሶ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ በተለመደው ቪዲዮ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ለምሳሌ በመጠኑ የበራ አረንጓዴ ጨርቅ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 180፣ ሰማያዊ 60 ይሁን። አረንጓዴው ከሌሎቹ ሁለት ከሚበልጠው ጋር ሲነጻጸር 120 ትርፍ አለው። ይህ ትርፍ ሙሉ በሆነበት ፒክስሉ ጨርቅ ነው፣ ይውጣ ይባላል፤ ትርፉ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ይቆያል፤ መሐል ላይ ያለው በልኩ ይሳሳል። የዚህ አስተሳሰብ አባት ፔትሮ ቭላሆስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ለዕይታ ለበቃው «ቤን ኸር» ፊልም በሰማያዊ ስክሪን ላይ የሠራበት የቀለም ልዩነት ዘዴ፣ በፊልም ላብራቶሪ ውስጥ በኬሚካልና በማጣሪያ የሚከናወን ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያሉት መሣሪያዎች በዝርዝር ስሌታቸው ይለያያሉ፤ መነሻቸው ግን ይኸው ቅነሳ ነው። ከቅነሳው የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ምስል ማት ይባላል፤ ነጩ የሚቆየው፣ ጥቁሩ የሚወጣው፣ ግራጫው በከፊል የሚያሳልፈው ነው።

አሁን ይህን ቅነሳ በዘፋኟ እጅ ላይ ባለው ሳር እንሞክረው። እርጥብ ሳር ለዓይን ከጨርቁ ጋር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቢመስልም በቁጥር ሩቅ ነው፤ ቅጠል ብዙ ቀይ አለበት። ቀይ 110፣ አረንጓዴ 140፣ ሰማያዊ 50 ነው እንበል። ትርፉ 30 ብቻ ነው፤ ከ120 አንድ አራተኛ። ስለዚህ ሳሩ 75 በመቶ ይቆያል፣ 25 በመቶ ያሳልፋል፤ እንደ መስታወት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ነጠላው ደግሞ በእጥፋቱ ጥላ ውስጥ የጨርቁ ብርሃን አርፎበት ቀይ 170፣ አረንጓዴ 200፣ ሰማያዊ 175 ቢሆን ትርፉ 25 ነውና 79 በመቶ ብቻ ይቆያል። እዚህ ላይ ሥራው የሚከብድበት ነጥብ አለ። ነጠላው ደረቷ ላይ ተኝቶ ከሆነ ያ ግራጫ ቁጥር ስሕተት ነው፤ ከኋላው አካል አለና ሙሉ በሙሉ መቆየት አለበት። ዘርፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ግን ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስስ ጥጥ በእርግጥም ከኋላው ያለውን ያሳያል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ልብሱ የት እንደወደቀ የሚያውቅ የሰው ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቅንብር ለመላው ሴትዮዋ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ወደ ጎፈሬው እንሂድ፤ የሙግቱ ዋና ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። የጎፈሬ ጠርዝ ላይ አንድ ፒክስል ከአንድ የጸጉር ክር ይሰፋል። ስለዚህ ፒክስሉ ግማሹ ጸጉር፣ ግማሹ ጨርቅ ይሆናል። ጸጉሯ ቀይ 30፣ አረንጓዴ 24፣ ሰማያዊ 20 ቢሆንና ጨርቁ ከላይ እንዳየነው ቢሆን፣ ካሜራው የሚመዘግበው አማካዩን ነው፤ ቀይ 35፣ አረንጓዴ 102፣ ሰማያዊ 40። ማቱ ትክክል ሠርቶ ይህ ፒክስል 50 በመቶ ይቆይ ቢል እንኳ፣ የሚቆየው ያው የተደባለቀ ቀለም ከሆነ ከሸለቆው ጋር አረንጓዴ ሆኖ ይቀላቀላል። ማቱ ላይ ምንም ጥፋት የለም፤ ቀለሙ ውስጥ ግን ገና ጨርቅ አለ። ትክክለኛው መንገድ የጨርቁን ድርሻ ከቀለሙ ላይ መቀነስ ነው፦ የ40፣ የ180 እና የ60 ግማሽ 20፣ 90 እና 30 ናቸው፤ እነዚህን ከ35፣ 102 እና 40 ስንቀንስ 15፣ 12 እና 10 ይቀራል። ይህም በትክክል የጸጉሯ ቀለም ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ሸለቆው ይሞላዋል። ጸጉሩ አልተነካም፣ አረንጓዴውም ሄዷል። አጥብቆ ማውጣት ግን ይህን ፒክስል ሙሉ በሙሉ ይጥለዋል፤ የተከረከመ ጎፈሬ የምናየው ለዚህ ነው።

ከዚህ ድብልቅ የሚለይ ሁለተኛ አረንጓዴ አለ። ጨርቁ ብርሃን ሲያርፍበት ያንን ብርሃን አረንጓዴ አድርጎ ወደ ፊት ይመልሳል፤ ከጉንጭዋ ጎን፣ ከአንገቷ በታች፣ ከነጠላው እጥፋት ውስጥ ያርፋል። ኤዲተሮች ስፒል የሚሉት ይህንን ነው። እዚህ ፒክስሉ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው፤ ማቱም ነጭ መሆን አለበት፤ የተበላሸው ቀለሙ ብቻ ነው። ስፒል በላብ ወይም በቅባት በሚያበራ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የሚያበራ ገጽ ጨርቁን ሊያሳይ ምንም አይቀረውም። ስፒልን የማጽጃው መሠረታዊ ሕግ አንድ መስመር ነው፤ አረንጓዴው ከቀይና ከሰማያዊ አማካይ እንዳይበልጥ ገደብ ማድረግ፦

```
g = min(g, (r + b) / 2)
```

ይህ ሕግ ለሰው ቆዳ ተስማሚ የሆነበት ምክንያት አለ። ቆዳ ቀይ ይሁን ጠይም ወይም ጥቁር፣ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴውም ከሰማያዊው ይበልጣል፤ ስለዚህ ጤናማ ቆዳ ብዙ ጊዜ ገደቡን አያልፍም፣ አይነካምም። ቀይ 95፣ አረንጓዴ 65፣ ሰማያዊ 48 የሆነ ጥቁር ቡናማ ጉንጭ አማካዩ 71.5 ነው፤ 65 ከዚያ በታች ስለሆነ እንዳለ ይቆያል። ስፒል ያረፈበት ቀይ 70፣ አረንጓዴ 95፣ ሰማያዊ 50 የሆነ የአንገት ጥላ ግን አረንጓዴው ወደ 60 ይወርድና ወደ ቡናማነቱ ይመለሳል። ያው ሕግ አደይ አበባ ላይ ሲወጣ ግን ጥፋት ይሠራል። ቢጫ ማለት ብዙ ቀይና ብዙ አረንጓዴ ማለት ነው። ቀይ 230፣ አረንጓዴ 190፣ ሰማያዊ 30 ያለው አደይ አማካዩ 130 ነውና አረንጓዴው ከ190 ወደ 130 ይጣላል፤ አበባው ብርቱካን ይሆናል። የወርቅ ጌጥ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሳሩ ደግሞ ከ140 ወደ 80 ወርዶ የደረቀ ድርቆሽ ይመስላል፤ እርጥብ ሆኖ መታየቱ ትርጉም ባለው በዓል ላይ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። ገደቡን ከአማካዩ አንስቶ ከሁለቱ ወደሚበልጠው ማድረስ አደዩን ያድነዋል፤ የአንገቱን ጥላ ግን ወደ ወይራማ ቢጫ ይወስደዋል። ስለዚህ ቆዳውና አበባው አንድ ሕግ ሊጋሩ አይገባም።

ስፒል ማጽዳት ሌላም ዋጋ አለው። በኤችዲ ቪዲዮ ስሌት ከአንድ ፒክስል ድምቀት 72 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአረንጓዴው ነው። የነጠላውን ጥላ አረንጓዴ ከ200 ወደ 172 ስናወርደው የጨርቁ ቀለም ይጠፋል፤ ግን ድምቀቱም በ20 ያህል ይወርዳል፣ ነጩ ነጠላ የታጠበበት ውኃ ያልጠራ ይመስል ግራጫ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አረንጓዴው ጠፍቶ ጥቁር መስመር መጣ ይላል፤ ከዚያም ጠርዙን ይከረክማል። መፍትሔው የተወሰደውን ድምቀት ለሦስቱም ቀለሞች እኩል መመለስ ነው፤ ወይም ከዚያ የተሻለው፣ ከአዲሱ ጀርባ ብርሃን ትንሽ ወስዶ መሙላት። ዴዴሳ ቆላ ውስጥ በእውነት ብትቆም ኖሮ ነጠላዋ ላይ የሚያርፈው የሰማዩና የሳሩ ብርሃን ነበርና።

ከማውጣቱ በፊት ግን ፋይሉን ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ካሜራዎችና ስልኮች የሚቀርጹት 4:2:0 በሚባለው አሠራር ነው። ድምቀት ለእያንዳንዱ ፒክስል ይመዘገባል፤ ቀለም ግን ለአራት ፒክስሎች አንድ ጊዜ ብቻ። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በቀለም በኩል 960 በ540 ብቻ ነው ማለት ነው። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ለድምቀት ንቁ ስለሆነ በተራ ዕይታ ይህን አይለይም፤ ክሮማ ኪ ግን የሚሠራው በቀለም ስለሆነ ጠርዙን በደረጃ በደረጃ ቆርጦ ያመጣዋል። ክሊፑ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ተልኮ፣ ወርዶ፣ እንደገና ተልኮ ከሆነ በየጊዜው ተጨምቆ ቀለሙ በካሬ በካሬ ተሰባብሯል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የካሜራውን ዋና ፋይል መጠየቅ ይገባል፤ በፍላሽ ቢመጣ ይመረጣል፣ በቴሌግራም የግድ ከሆነ እንደ ፋይል ተያይዞ ይላክ፤ ያኔ አይጨመቅም። ዋናው ፋይል ከጠፋ፣ ማቱ ከሚወጣበት ቅጂ ላይ ብቻ ቀለሙን በአንድ ወይም ሁለት ፒክስል ማለስለስ ደረጃውን ያሟሟዋል። የሚታየው ምስል ራሱ ግን መለስለስ የለበትም።

ሥራውን በአፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ባለው Keylight ላይ እንከተለው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭን የሚጠቀምም እዚያው ተመሳሳይ ቁልፎችን ያገኛል። መጀመሪያ በዘፋኟ ዙሪያ ሰፋ ያለ ማስክ ይሣላል፤ የጨርቁ ጫፍ፣ የመብራት እግርና የጨርቁ ሽብሽብ ከዚያ ውጪ ይቀራሉ፣ ለእነርሱ ሲባልም ቁልፍ ማጥበቅ አይኖርም። ቀጥሎ Screen Colour ይመረጣል፤ ከጥግ ሳይሆን ከጎፈሬው አጠገብ ካለው ጨርቅ፣ ከባዱ ጠርዝ ያለው እዚያ ነውና። ከዚያ View የሚለው Screen Matte ላይ ይደረግና ጥቁርና ነጩ ምስል ይታያል። እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና Clip White የሚለውን ወደ ታች አውርዶ ሁሉን ነጭ ማድረግ ነው። ለጎፈሬውና ለተንጠልጣዩ ዘርፍ መነካት የለበትም፤ Clip Black ብቻ ጨርቁ ጥቁር እስኪሆን በጥቂቱ፣ እስከ 10 ገደማ ይነሳል። በዚህ ላየር ላይ ማቱ ውስጥ ደረቷና ነጠላዋ በግራጫ ቀዳዳ የተሞላ ሆኖ ይቀራል። ይሁን፤ ይህ ላየር የተሠራው ለጠርዝ ብቻ ነው።

ቀዳዳውን የሚደፍነው ሁለተኛ ላየር ነው። ያው ክሊፕ ይባዛና Clip White ወደ 70 ይወርዳል፤ 79 በመቶ የነበረው የነጠላ ጥላ ሙሉ ይሆናል። Screen Shrink/Grow ከዜሮ በታች ወደ ሦስት ያህል ይወሰዳል፤ ላየሩ ወደ ውስጥ ይሸሽና የጎፈሬውን ጠርዝ ለመጀመሪያው ላየር ይተወዋል። ተንጠልጣዩ ዘርፍ ከዚህ ላየር በማስክ ይወጣል፤ ካልወጣ ስስ መሆኑን ያጣል። ሦስተኛው ላየር ለቀኝ እጅዋ ብቻ ነው። በሳሩና በአበባው ዙሪያ ማስክ ይሣላል፣ Clip White 70 ላይ ይቀመጣል፤ 75 በመቶ የነበረው ሳር ይሞላል። ጠርዙ ደረቅ ይሆናል፣ ሳር ግን እንደ ጸጉር ስላልሆነ ይሸከመዋል። እጁ ስለሚንቀሳቀስ ማስኩ በየአምስትና በየአሥር ፍሬሙ መስተካከል አለበት፤ አድካሚው ክፍል ይህ ነው።

ቀለሙ ከማቱ የሚለየው ቀጥሎ ነው። Keylight ሲተው ራሱ ስፒል ያጸዳል፤ View ላይ Intermediate Result ሲመረጥ ግን ማቱን ብቻ ሰጥቶ ቀለሙን እንዳለ ይተወዋል። ሦስቱም ላየሮች በዚህ ላይ ይደረጉና Advanced Spill Suppressor የሚባለው መሣሪያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ላይ ብቻ ይጫናል። ሦስተኛው፣ ሳሩና አደዩ ያሉበት፣ አይነካም። ሳሩ መካከል የጨርቁ ቅሪት ከታየ በቀለም ማስተካከያ ወደ ቢጫ መግፋት ይበቃዋል። በመጨረሻ የነጠላው ድምቀት ይመለሳል። ኤዲተሩ በዚህ አሠራር አንድ ነገር ያገኛል፦ አረንጓዴ ካየ ማቱን ሳይነካ ቀለሙን ያርማል፣ ቀዳዳ ካየ ቀለሙን ሳይነካ ማቱን ያርማል።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሳል፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የጊዜ ነው። የአራት ደቂቃ ክሊፕ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሠራ 6,000 ፍሬም ነው፤ በስልክ ላይ ባለ ካፕከት Chroma key ተነክቶ Intensity የሚለው ሲገፋ ጨርቁ ወዲያው ይወጣል፤ ተመልካቹም የሚያየው በስልክ ነው። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ዘፋኟ ከራስ እስከ እግር በሩቅ የምትታይበት ትዕይንት ላይ ጎፈሬዋ በስክሪኑ ላይ ጥቂት ፒክስል ስለሆነ አንድ ላየር ይበቃል፤ ለዚያ ሦስት ላየር መሥራት ጊዜ ማባከን ነው። ፊቷና እጇ በቅርብ የሚታዩበት ትዕይንት ግን ከክሊፑ ጥቂቱ ክፍል ነው፣ ተመልካቹም የሚያስታውሰው እርሱን ነው። ስልክ ደግሞ የሚደብቀው ቆሞ ያለን ስሕተት እንጂ የሚንቀሳቀሰውን አይደለም። አጥብቆ የተቆረጠ ጠርዝ ከፍሬም ወደ ፍሬም ቅርጹን ስለሚለዋውጥ ይፈላል፤ ዩቲዩብ ሲጨምቀው ደግሞ ይብሳል፣ በትንሽ ስክሪንም ላይ ይታያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለወለጋ የተለየ ነው፤ ጀርባው ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ቢቀር ማን ያየዋል የሚል። ቁጥሮቹ መልሱን ይሰጣሉ። የኮምቶ ደን ወይም የዴዴሳ ቁጥቋጦ በጥላው ቀይ 90፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 45 ቢሆን አረንጓዴው ከቀዩ የሚበልጠው በ20 ነው፤ የጨርቁ ግን በ140። አንዱ የመሬት አረንጓዴ ነው፣ ሌላው የፕላስቲክ። የጨርቁ አረንጓዴ በደን ላይ ሲያርፍ ከግራጫ ግድግዳ ላይ ይልቅ ያስታውቃል፤ ዓይን ሁለቱን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ያነጻጽራቸዋልና። ሰማይ ጀርባ ላይ ካለ ደግሞ መስመሩ ምንም መሸሸጊያ የለውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠነከረ ነው። ችግሩ የቀረጻ ስለሆነ የሚታረመውም በቀረጻ ነው ይላል፤ ሰውን ከጨርቁ ሁለት ሜትር ማራቅ፣ ጨርቁን ለብቻው እኩል ማብራት፣ ሳር ከተያዘ ሰማያዊ ጨርቅ መስቀል። እውነት ነው፣ አዲስ ክሊፕ የሚቀርጽ ሰው ይህን ሊያደርግ ይገባል፤ በሰማያዊ ጨርቅ ፊት ሳሩም አደዩም አይነኩም ነበር። እጅ ላይ ያለው ግን የተቀረጸ ክሊፕ ነው። ኢሬቻ የሚከበረው በመስከረም ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ አደይም የሚያብበው በዚያው ሰሞን ነው። ክሊፑ ኅዳር ላይ ኤዲተሩ ዘንድ ቢደርስ አበባው ከሜዳው ጠፍቷል። ዘፋኟም ወደምትኖርበት ተመልሳ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ብትሆን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ውጭ አገር ብትሆን ደግሞ ይብሳል።

የማይድን ክሊፕም አለ፤ ቀድሞ ማወቁ የቀናት ድካም ያተርፋል። ጨርቁ ከመጠን በላይ በርቶ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 210 ከሆነ ትርፉ ከ120 ወደ 45 ወርዷል፤ ነጭ ነጠላ ከእንዲህ ያለ ጨርቅ የሚለይበት ቦታ ጠባብ ነው። ጨርቁ ላይ ጥላዋ ጠቁሮ የወደቀ ከሆነም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማቱን ከማስጨነቅ ጀርባውን መቀየር ይሻላል። ብርሃን የበላው ጠርዝ በጨለማ ደን ላይ ያበራል፤ በጭጋግ በተሸፈነ የጠዋት ኮረብታ ወይም በደመና ሰማይ ላይ ግን ከጀርባው ጋር ይስማማል። የወለጋ ክረምት እንዲህ ያለ ሰማይ አያጣም። እጅዋን በፍጥነት ስታወዛውዝ የሚታየው የእንቅስቃሴ ድብዝዝም ከጎፈሬው ይልቅ ሰፊ ድብልቅ ነው፤ በዚያ ፍሬም ላይ ሦስተኛው ላየር ለአፍታ ለስለስ ማለት አለበት።

ሥራው መጠናቀቁን ለማወቅ የዴዴሳን ሥዕል ለጊዜው አንስቶ በቦታው ንጹሕ ቀይ ማስገባት፣ ከዚያ መካከለኛ ግራጫ ማስገባት ጥሩ ፈተና ነው። ቀይ ላይ የቀረ አረንጓዴ ሁሉ ይጮኻል፤ ግራጫ ላይ ጥቁር መስመርና የጠፋ ዘርፍ ይታያል። ሁለቱንም በቆመ ፍሬም ሳይሆን በሙሉ ፍጥነት ማጫወት ያስፈልጋል፤ የሚፈላ ጠርዝ ቆሞ አይታይም። በቀይም በግራጫም ንጹሕ ሆኖ ሸለቆው ሲመለስ ብቻ ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስል ከሆነ፣ ጉድለቱ ከጨርቁ ጋር አይገናኝም። ሩቅ ያለ ሸለቆ በአየሩ ጭጋግ ምክንያት ጥቁሩ ግራጫ ነው፤ የዘፋኟ ጥቁር ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ጥልቅ ጥቁር ነው። ሸለቆውን ጥቂት ማደብዘዝ፣ የእርሷን ጥቁር በትንሹ ማንሳትና ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ የሚመጣው በሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን ማየት ይቀራል፤ ብርሃኑ የማይገጥም ከሆነ ሸለቆውን ወደ ጎን መገልበጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ሥዕሉ ውስጥ ጽሑፍ ወይም ሰው የሚለየው ሕንጻ እስካልገባ ድረስ።